ሌብሉን ማን ሸመነው፣ ማንስ ሰፋው?

ሰልባጅ የሚያማርጥ ሰው ልብሱን አንሥቶ መጀመሪያ የሚገልጠው አንገቱን ነው። ስሙን ያነብባል፤ ቀጥሎ ልብሱን ገልብጦ በጎን ስፌቱ በኩል የማጠቢያ መመሪያ የያዘችውን ትንሽ ታግ ይፈልጋል። ሻጩ «ኦርጅናል ነው» ሲል ገዢው የሚከራከረው በእነዚህ ሁለት ቁራጮች ነው። በክርክሩ ደጋግመው የሚነሡት ነጥቦችም የታወቁ ናቸው። ፊደሎቹ ተራርቀዋል፣ ኮፒ ነው፤ ታጉ በሌላ ክር ተሰፍቷል፣ ኮፒ ነው፤ አንገቱ ላይ አንድ አገር፣ ጎኑ ላይ ሌላ አገር ተጽፏል፣ ኮፒ ነው።

ሦስቱም እውነት የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ምንም እንከን የሌለበትን ልብስ ኮፒ የሚያሰኙበት ጊዜም አለ። ሁለቱን ለመለየት ሌብል እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አንድ ሸሚዝ ላይ ያሉት ጽሑፎች ሁሉ ከአንድ ቦታ አይመጡም። የአንገቱን ሌብል የሚሸምነው ሥራው ሌብል ብቻ የሆነ፣ ብራንዱ መርጦ የፈቀደለት ሌላ ፋብሪካ ነው። የማጠቢያ ታጉ ግን ብዙ ጊዜ የሚታተመው ልብሱ በሚሰፋበት አገር፣ አንዳንዴም እዚያው ስፌት ፋብሪካው ውስጥ ነው። ሁለቱን ከልብሱ ጋር የሚያገናኛቸው ደግሞ የስፌት ማሽኑ ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ ነው። ጉድለት ያየ ሰው ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው ይህ ጉድለት ከእነዚህ ሦስት እጆች ከየትኛው ሊመጣ ይችላል ብሎ ነው። ከሦስቱም ሊመጣ የማይችል ነገር ሲገኝ ያኔ ጥርጣሬው መሠረት አለው።

ከፊደሎቹ እንጀምር። በተሸመነ ሌብል ላይ የምናነብበው ስም የተጻፈው በቀለም ሳይሆን በክር ነው። ድሩ አንድ ቀለም፣ ፊደሉን የሚያወጣው ማግ ሌላ ቀለም ይሆንና ማሽኑ አንዱን ድር እያነሣ ሌላውን እየተወ ስሙን ይሠራዋል። የነጠላ ጥለት ሲሠራ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋበትም። በፊደልና በፊደል መካከል ያለው ክፍተት በክር ስለሚቆጠር ሦስት ድር ወይም አራት ድር ይሆናል እንጂ ሦስት ተኩል የሚባል ነገር የለም። ቀጥ ብሎ የቆመው የፊደል እግር ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ሰያፉና ክቡ ግን በማጉያ መነጽር ሲታይ እንደ ደረጃ የተሰባበረ ጠርዝ አለው። ይህ ኦርጅናሉም ላይ ያለ ነገር ስለሆነ ማንንም ሊያስደነግጥ አይገባም።

ኮፒ ሠሪው የሚሰናከለው ሌላ ቦታ ላይ ነው። የብራንዱ የዲዛይን ፋይል እጁ ላይ ስለሌለ አንድ ልብስ ይገዛና ሌብሉን ፎቶ አንሥቶ ከፎቶው ላይ ይቀዳል። ፎቶው ላይ የክሩ ጸጉርና ጥላ ሳይቀር የፊደሉ አካል መስሎ ስለሚታይ የተቀዳው ፊደል ከመጀመሪያው ይወፍራል። መልሶ ሲሸመን ደግሞ ይብሱን ይወፍራል። ቀድሞ የሚደፈነው የፊደሉ ሆድ ነው፤ በላቲኑ ትንሿ «ኢ» እና ትንሿ «ኤ» ውስጥ ያለችው ክፍት ቦታ ትጠፋለች። ቀጥሎ ጎረቤት ፊደሎች ይነካካሉ፤ ትንሹ «አር» ከትንሹ «ኤን» ጋር ሲጋጠም «ኤም» መስሎ ይነበባል። ሌብል ስመለከት እኔ ከስሙ አጠቃላይ ቅርጽ በፊት የማየው እነዚህን ሆዶች ነው፤ ምክንያቱም አጠቃላይ ቅርጹን ማንም ሊያስመስለው ይችላል፣ ሆዱ ግን ከፎቶ ሲቀዳ አይተርፍም።

ክፍተቱም የራሱ ጠባይ አለው። ጥሩ የፊደል ዲዛይነር ፊደሎችን በመለኪያ እኩል አያራርቅም። የላቲኑ ትልቁ «ኤ» እና ትልቁ «ቪ» ጎን ለጎን ሲመጡ ሰያፍ ጎኖቻቸው መካከል ባዶ ቦታ ስለሚፈጥሩ ያቀራርባቸዋል፤ ሁለት ቀጥ ያሉ ፊደሎች ሲገናኙ ደግሞ ትንሽ ያራርቃቸዋል። ለዓይን እኩል የሚመስለው እንዲህ ሲደረግ ነው። ኮፒ ሠሪው እያንዳንዱን ፊደል በተመሳሳይ ርቀት ስለሚደረድር ቃሉ አንድ ቦታ የተሰነጠቀ፣ ሌላ ቦታ የተጨናነቀ ይመስላል። በማስመሪያ ብትለኩት ስሕተት አታገኙበትም፤ ዓይን ግን አይቀበለውም።

ይሁን እንጂ በክፍተት ብቻ መፍረድ አደገኛ ነው። አንድ ብራንድ ሌብሉን ከሁለትና ከሦስት ሸማኔ ፋብሪካዎች ሊያሠራ ይችላል፤ ማሽኖቹ ደግሞ ክሩን እኩል አይወጥሩትም። ከዚህ የሚበልጠው ግን ብራንዶች በየዘመኑ ፊደላቸውን መለወጣቸው ነው። ከሁሉ የታወቀው ምሳሌ የሊቫይስ ጂንስ ነው። በኋላ ኪሱ ጎን የምትሰፋው ቀይ ሪባን የመጣችው እ.ኤ.አ. በ1936 ሲሆን እስከ 1971 ድረስ የብራንዱ ስም በሙሉ በትልልቅ ፊደሎች ይጻፍባት ነበር። ከዚያ ወዲህ «ኢ» ትንሽ ሆነች። የዛሬውን ሪባን ብቻ የሚያውቅ ሰው የድሮውን ሲያይ ኮፒ ነው ሊል ይችላል፤ ሰብሳቢዎች ግን ብዙ ብር የሚያወጡት ለዚያው ነው። ኩባንያው የድሮ ሞዴሎቹን እንደገና ሲሠራ ትልቁን «ኢ» ስለሚመልስ ፊደሏ ብቻዋን የልብሱን ዕድሜ አታረጋግጥም። ከዚህም በላይ የንግድ ምልክት መብቱን ለማስጠበቅ ሲል ኩባንያው ስም የሌለባቸው፣ የተመዘገበ ምልክት መሆኑን የምታሳየው ክብ ውስጥ ያለች «አር» ብቻ ያለችባቸው ሪባኖችም ይሰፋል። ስሙ የጠፋበት ሪባን ከሁሉ በላይ የሚያስጠረጥር ይመስላል፤ ሆኖም የፋብሪካው የራሱ ሥራ ነው። ስለዚህ ሌብል የሚነጻጸረው ከዚያው ዘመንና ከዚያው ዓይነት ልብስ ሌብል ጋር ነው።

የማጠቢያ ታጉን ፊደል ቅርጽ ግን እኔ እንደ ማስረጃ አልቆጥረውም። እያንዳንዱ ስፌት ፋብሪካ ባለው ማተሚያ፣ ተራ በሆነ ፊደል ስለሚያትመው በሁለት አገር የተሰፉ አንድ ዓይነት ሸሚዞች የተለያየ ፊደል ቢኖራቸው አይገርምም። በብዙ ቋንቋ የተጻፈ ታግ ላይ የቃላት ግድፈትም ይገኛል። ታጉ ላይ የሚታየው ይዘቱ ነው። የጨርቁ ዓይነት በመቶኛ ሲጻፍ ድምሩ 100 መምጣት አለበት፤ የተጻፈውም እጃችን ላይ ካለው ጨርቅ ጋር መስማማት አለበት። ኮፒ ሠሪዎች ታጉን ከሌላ ልብስ ላይ እንዳለ ስለሚገለብጡ «100 ከመቶ ጥጥ» የሚል ጽሑፍ የሚያብረቀርቅ ፖሊስተር ላይ ተሰፍቶ ይገኛል። የተጠራጠረ ሰው ከውስጥ እጥፋቱ አንዲት የጨርቁን ክር መዝዞ በወረፎ ይዞ፣ ሳሕን ላይ ሊለኩሳት ይችላል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድና አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይተዋል። ክሯ ግን ከራሱ ከጨርቁ የወጣች መሆን አለባት፤ የመስፊያ ክር ጨርቁ ጥጥ ቢሆንም ፖሊስተር ሊሆን ይችላል።

ስፌቱ ከፊደሉ የበለጠ የማምነው ምስክር ነው። የማጠቢያ ታግ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በለባሹ ግራ ጎን፣ ከታችኛው ጠርዝ ጥቂት ጣቶች ከፍ ብሎ ነው። ሠራተኛው የፊቱንና የኋላውን ጨርቅ ገጥሞ ጎኑን በኦቨርሎክ ሲዘጋ ታጉን በሁለቱ ጨርቆች መካከል ያስገባዋል። ጨርቁን የሚያያይዘው ስፌትና ታጉን የሚይዘው ስፌት አንድ ነው ማለት ነው። ታጉን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋችሁ ሥሩን ብትመለከቱ ኦቨርሎኩ ሳይቋረጥ በላዩ ሲያልፍ ታያላችሁ።

ልብሱ ካለቀ በኋላ የተጨመረ ታግ ይህን ሊያስመስል አይችልም። የጎን ስፌቱ ቀድሞ ስለተዘጋ ታጉን ለማስገባት ስፌቱን መፍታት ወይም በላዩ ላይ መስፋት ግድ ይላል። በላዩ ከተሰፋ ከኦቨርሎኩ ጎን ሌላ አጭር ቀጥ ያለ ስፌት ይታያል፤ ጫፉም ላይ ክሩ እንዳይመለጥ ወደ ኋላ ተመልሶ የታሰረ ነው። ተፈትቶ ከሆነ ደግሞ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ የክሩ ቀለም አዲስ ይሆናል፣ የድሮዎቹ የመርፌ ቀዳዳዎችም ከአዲሱ ስፌት ጎን ቀርተው ይታያሉ። ቀዳዳ ከታጠበም በኋላ ቶሎ አይጠፋም፤ በተለይ በወፍራም ጂንስና በቆዳ ላይ።

የአንገቱ ሌብል ሲሰፋ ሁለት ክር ይሠራል። ከላይ ያለው ክር የሌብሉን ቀለም፣ ከስፑሉ የሚመጣው የታችኛው ክር የልብሱን ቀለም ይዞ ይሄዳል፤ ስፌቱ ከውጭ እንዳይታይ የሚደረገው በዚህ ነው። በደንብ በተሠራ ሸሚዝ ላይ ደግሞ ሌብሉ የሚሰፋው የትከሻው ውስጠኛ ጨርቅ ከውጨኛው ጋር ሳይጋጠም በፊት ስለሆነ በውጭ በኩል ምንም ስፌት አይወጣም። ጥሩ ስም ያለው ሸሚዝ ላይ የሌብሉ ስፌት እስከ ጀርባው ድረስ በስቶ ወጥቶ፣ ያውም በማይመሳሰል ክር ቢታይ፣ ሌብሉ በኋላ የመጣ ነው ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። የተነሣ ሌብል ምልክቱን ትቶ ይሄዳል። በዙሪያው ያለው ጨርቅ በፀሐይና በማጠብ ሲደበዝዝ ከሥሩ የነበረው ቦታ ድሮ እንደነበረው ስለሚቀር፣ የአዲሱ ሌብል ልክ ከዚያ ቦታ ካነሰ ዳሩ ላይ ጠቆር ያለ መስመር ይቀራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በመቀስ የተቆረጠ ወይም በማርከር የተሰረዘ ሌብል የኮፒ ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። የተረፈ ወይም ትንሽ እንከን የተገኘበት ልብስ በቅናሽ ሲሸጥ፣ በሙሉ ዋጋ ወደ ሸጠው ሱቅ ተመልሶ እንዳይመጣ ሌብሉ ሆን ተብሎ ይበላሻል። ስፌቱ ውስጥ የታጉ ጉራጅ ቀርቶ ካገኛችሁ ቢያንስ ታጉ ከመጀመሪያው እዚያ እንደነበር ታውቃላችሁ።

ወደ አገር ስሙ ስንመጣ ነገሩ የሕግ ጉዳይ ይሆናል፤ የአጻጻፉ ልዩነትም አብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው የጨርቃ ጨርቅ መለያ ሕግ የጨርቁ ዓይነት፣ የተሠራበት አገርና የአምራቹ ወይም የሻጩ ማንነት እንዲጻፍ ያስገድዳል። አንገት ያለው ልብስ ከሆነ አገሩ በውስጥ በኩል በአንገቱ መሐል፣ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል እንዲታይ ይፈለጋል። የአውሮፓ ኅብረት ግን የጨርቁን ዓይነት እንጂ የተሠራበትን አገር መጻፍ ግዴታ አላደረገም። ለጀርመን ወይም ለፈረንሳይ ገበያ የተሰፋ ልብስ ላይ አገር ሳይጻፍ ቢገኝ ጉድለት አይደለም።

«ሜድ ኢን» የሚለው ሐረግ አንዱ ቦታ ኖሮ ሌላው ላይ የሚጠፋበትም ምክንያት አለው። በአሜሪካ የጉምሩክ ደንብ ዕቃው ላይ ገዢን ሊያሳስት የሚችል ሌላ የቦታ ስም ካለ፣ እውነተኛው አገር ከዚያ ስም አጠገብ «ሜድ ኢን» ወይም ተመሳሳይ ቃል ቀድሞት መጻፍ አለበት። ስሙ ሥር «ኒው ዮርክ» የሚል ሌብል ያለው ልብስ ታይላንድ ተሰፍቶ ከሆነ «ሜድ ኢን ታይላንድ» ማለት ይኖርበታል። ጎኑ ላይ ያለው ታግ ላይ ግን የሚያሳስት ስም ስለሌለ «ታይላንድ» ብቻ ቢል ይበቃዋል። ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ቢሆንም አንድ አገር ነው።

ሁለት የተለያዩ አገሮች ሲጻፉስ? መጀመሪያ ምን ምን እንደተባሉ ማንበብ ነው። በሱፍ ኮትና ሱሪ ውስጥ ከብራንዱ ሌብል ሌላ የጨርቁ ሸማኔ ሌብል ይሰፋል፤ ጨርቁ የጣሊያን መሆኑን ይናገራል፣ ማጠቢያ ታጉ ደግሞ ኮቱ ቱርክ ውስጥ መሰፋቱን። ሁለቱም እውነት ናቸው። ታጉ ላይ ያለ የኩባንያ አድራሻ ወይም «ዲዛይን የተደረገው በ...» የሚል ቃልም የተሠራበትን አገር አያመለክትም። በአሜሪካ ደንብ ተቆርጦ የሚሰፋ ልብስ አገሩ በጥቅሉ የሚወሰነው በተሰፋበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ከውጭ በገባ ጨርቅ የተሰፋ ሸሚዝ «ሜድ ኢን ኢትዮጵያ» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ኢትዮጵያ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአጎዋ ብትወጣም የቀረው የቀረጥ ነፃ ዕድሉ ነው፤ የአገር ስም አጻጻፉ አልተለወጠም።

መፍትሔ የማይገኝለት አንዱ ሁኔታ ነው። አንገቱ ላይ «ሜድ ኢን ጣሊያን»፣ ጎኑ ላይ «ሜድ ኢን ቻይና» ብሎ ሁለቱም ስለዚያው ልብስ ስፌት የሚናገሩ ከሆነ አንዱ ሐሰት ነው፤ ወይ አንገቱ ሌላ ልብስ ላይ የነበረ ሌብል ነው፣ ወይ ታጉ ከሌላ ቦታ ተገልብጧል። ያኔ ወደ ስፌቱ መመለስና የትኛው በኋላ እንደተጨመረ ማየት ነው።

አሁን አንድ ልብስ በዚህ መንገድ እንመርምር። ሻጩ «የ80ዎቹ መጀመሪያ ኦርጅናል» ያለው አሮጌ ፖሎ ቲሸርት ነው እንበል፤ ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። አንገቱ ላይ የብራንዱ ስም፣ ከሥሩ «ኒው ዮርክ»፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ «ሜድ ኢን ፔሩ» ይላል። የፊደሎቹ ሆድ ክፍት ነው፤ ክፍተታቸውም ለዓይን እኩል ነው። ሌብሉ ከአንገቱ ማጠፊያ ጥብጣብ ሥር ገብቶ በአንድ ስፌት ተይዟል፣ ሌላ የመርፌ ቀዳዳ የለም። ጎኑ ላይ ያለው ታግ ሥሩ በኦቨርሎኩ ተይዟል። «ፔሩ» ብቻ ይላል። እንደ ሕጉ ከሆነ ይህ ምንም ችግር የለበትም። ከሥሩ «አር ኤን» የሚል ቁጥር አለ፤ ቁጥሩ ወደ 90 ሺህ ነው።

«አር ኤን» የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ለአንድ ኩባንያ የሚሰጠው የምዝገባ ቁጥር ነው። የኮሚሽኑ ድረ ገጽ ላይ ቁጥሩን ያስገባ ሰው የማን እንደሆነ በነፃ ያያል። የአሮጌ ልብስ ሰብሳቢዎች የምዝገባውን ዓመት የሚገምቱበት ስሌትም አላቸው፦ ከቁጥሩ 13670 ይቀንሳሉ፣ ውጤቱን ለ2635 ያካፍላሉ፣ 1959 ይደምሩበታል። በዚህ ስሌት 90 ሺህ ወደ 1988 ይወስደናል። ግምት ስለሆነ አንድ ሁለት ዓመት ወዲያ ወዲህ ቢል አይገርምም፤ የሚነግረንም ኩባንያው የተመዘገበበትን ጊዜ እንጂ ልብሱ የተሰፋበትን ቀን አይደለም። ከምዝገባው በፊት ግን ቁጥሩ ሊጻፍ ስለማይችል «የ80ዎቹ መጀመሪያ» የሚለው እዚህ ላይ ይወድቃል።

ቀጥሎ የማጠቢያው መመሪያ ይታያል። ታጉ ላይ ገንዳ፣ ሦስት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን፣ ካውያና ክብ ተሥለዋል፤ ማጠብን፣ ማንጣትን፣ ማድረቅን፣ መተኮስንና የላውንደሪ እጥበትን በተራ ያመለክታሉ። አንድም ቃል የለም። አሜሪካ የማጠቢያ መመሪያን ግዴታ ያደረገችው ከ1972 ጀምሮ ሲሆን እስከ 1997 ድረስ በቃላት መጻፍ ነበረበት፤ ሥዕሉ በቃላቱ ፋንታ ብቻውን እንዲቆም የተፈቀደው ያኔ ነው። አውሮፓ ውስጥ ሥዕሎቹ ቀደም ብለው ይሠራባቸው ስለነበር ለዚያ ገበያ የተላከ ልብስ ላይ ከ1997 በፊትም ሊገኙ ይችላሉ። ይህ ታግ ግን የአሜሪካ ምዝገባ ቁጥር ብቻ ይዞ፣ ጽሑፉም በእንግሊዝኛ ብቻ ሆኖ፣ ሥዕሎቹ ቃል አልባ ናቸው። ይበልጥ የሚያስኬደው ልብሱ ከ1997 ወዲህ የተሰፋ ነው ማለት ነው።

ምርመራው የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው። የምዝገባ ቁጥርን ኮፒ ሠሪም ሊገለብጠው ስለሚችል የቁጥሩ ትክክል መሆን ልብሱን አያረጋግጥለትም። የሸማኔው ሥራ፣ የታጉ ይዘትና ስፌቱ ግን እርስ በርስ አልተቃረኑም፤ ታጉም ልብሱ ሲሰፋ አብሮ የገባ ነው። እኔ ብሆን ይህን ቲሸርት ኦርጅናል ነው ብዬ እገዛው ነበር፤ የምከፍለው ግን በ1990ዎቹ መጨረሻ ወይም ከዚያ ወዲህ ለተሠራ ልብስ የሚገባውን ዋጋ ነው፤ ለ80ዎቹ የተጨመረውን ዋጋ አልከፍልም።